ጥምጥም አይቶ «ይፍቱኝ»

(ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር ተጽፎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ጋባዦቼ የጠሩኝ «ቅዳሴ እንሄዳለን፤ ግን ማን ምን እንደሚሠራ አናውቅም። ማንን ምን ብለን እንደምንጠራም ግራ ይገባናል» ብለው ነው። ቄስ አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ግን ለጥቂት ዓመታት በድቁና አገልግያለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሜ ያየሁትን ነው። የማወራውም ስለማውቀው ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ነው።

በአንድ ጓደኛዬ ልጀምር። ሊያገባ ነበር። እኔን ይዞ እጮኛው የምትሳለምበት ደብር ሄድን። ግቢው ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ቆመዋል። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። ጓደኛዬ ሮጦ ሄዶ ጎንበስ አለና «ይፍቱኝ አባቴ» አላቸው። ሰውዬው ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ እኔ ልፈታህ አልችልም። መሪጌታ ነኝ። ቄሱ እሳቸው ናቸው» ብለው በአገጫቸው ጠቆሙት። የጠቆሙት ሰው ምናልባት ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ነጠላ ለብሰዋል፣ ጢማቸው ገና አልሞላም፣ እጃቸው ላይ ግን ትንሽ የእንጨት መስቀል አለች። ጓደኛዬ ከእሱ በዕድሜ ያነሱ ቄስ ፊት ሲቆም ጎንበስ ልበል ወይስ አልበል እያለ ሲያመነታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

የዛሬው ነገሬ በሙሉ እዚህች ታሪክ ውስጥ አለ። ጥምጥም ቄስም ያስራል፣ መሪጌታም ያስራል፣ የቅኔ መምህርም ያስራል። ጢምማ ማንም ያሳድጋል። የሚለየው ሥራው ነው። ሥራውን ካወቃችሁ አጠራሩ ራሱ ይመጣል። እንግዲህ ሥራውን እንይ።

ቅዳሴ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው አገልግሎት አይደለም። ቄስ ምንም ሊቅ ቢሆን ብቻውን አይቀድስም። ዲያቆናትም መቶ ቢሆኑ ያለ ቄስ አይቀድሱም። ትንሹ ቁጥር አምስት ነው፤ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። «አምስቱ ልኡካን» ይባላሉ። በበዓል ቀን ከዚህ ይበዛሉ። ከአምስት ካነሱ ግን ቅዳሴው አይገባም። የገጠር አጥቢያ ልጅ የሆነ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። አንድ ዲያቆን ታመመ ማለት ሌላ እስኪገኝ ሰው ወደ ጎረቤት ደብር ይላካል ማለት ነው።

ዋናው ቀዳሽ ገባሬ ሠናይ ካህን ይባላሉ። ረዳታቸው ንፍቅ ካህን ናቸው። «ንፍቅ» ከ«መንፈቅ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ከዲያቆናቱም እንዲሁ ገባሬ ሠናይ ዲያቆንና ንፍቅ ዲያቆን አሉ። አምስተኛው ትንሹ ነው፤ መብራት ይይዛል፣ ቃጭል ያንቃጭላል። እኔ የጀመርኩት እዚያ ላይ ነበር።

አሁን አንድ እሑድ ጠዋት አብረን እንግባ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ቆማችኋል። ቤተ ክርስቲያኑ ሦስት ክፍል አለው። ውጪኛው ቅኔ ማኅሌት ነው። መሪጌታዎችና መዘምራን በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚያሸበሽቡት እዚያ ነው። መካከለኛው ቅድስት ነው፤ የሚቆርቡ ሰዎች እዚያ ይቆማሉ። ውስጠኛው መቅደስ ነው። ታቦቱ ያለው እዚያ ነው፤ ሥልጣነ ክህነት የሌለው ሰውም አይገባበትም። ያ የጓደኛዬ መሪጌታ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ሲመሩ አድረው ሊሆን ይችላል፤ ዜማው ሁሉ በእሳቸው አፍ ላይ ነው። ክህነት ከሌላቸው ግን ከመጋረጃው አያልፉም። ያ ወጣት ቄስ ያልፋሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ቤተልሔም ከምትባል ትንሽ ቤት ነው። የቅዳሴው ኅብስት ከስንዴ ዱቄት የሚጋገረው፣ ወይኑም ከዘቢብ የሚጨመቀው እዚያ ነው። ልኡካኑ ኅብስቱን በተሸፈነ መሶበ ወርቅ ይዘው ወደ መቅደስ ይሄዳሉ። ፊት ፊት ቃጭል ይሰማል። ቃጭሉን ስትሰሙ ወሬ አቁሙ፣ መንገድ ልቀቁ፣ ጎንበስ በሉ። «እንደምን አደሩ አባ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ቃጭሉን ጥዬዋለሁ። ድንጋይ ላይ ወድቆ እስከ በሩ ተንከባለለ። ቄሱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ዘወር ብለውም አላዩኝም። የኔታ ግን ከቅዳሴ በኋላ ለሁለት የሚበቃ ተናገሩኝ።

ቅዳሴው ሲጀመር አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን አንዴ ከያዛችሁት ሌላው ይቀላል። ቄሱ በአብዛኛው የሚናገሩት ከእግዚአብሔር ጋር ነው። ዲያቆኑ የሚናገረው ከእናንተ ጋር ነው። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ለጸሎት ተነሡ ማለቱ ነው። እናንተ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ትላላችሁ። ከዚያ ቄሱ «ሰላም ለኵልክሙ» ይላሉ፤ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እናንተም «ምስለ መንፈስከ» ትመልሳላችሁ። ዲያቆን፣ ሕዝብ፣ ካህን፣ ሕዝብ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ይህ ቅብብል አይቋረጥም። ዝም ብሎ የሚታዘብ ሰው በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም፤ ሕዝቡ ራሱ ተሰጥኦ የሚባል ድርሻ አለው።

እግረ መንገዴን አንዲት ነገር ልበል። «ምስለ መንፈስከ» ማለት «ከመንፈስህ ጋር» ማለት ነው። «ህ» ነው፣ «ዎ» አይደለም። ውጭ ላይ ቄሱን «አንተ» ያለ ሰው እናቱ ትቆጣዋለች። ቅዳሴ ላይ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ዲያቆንም፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንትም አንድ ላይ «ከመንፈስህ» ይላሉ። ግእዝ እንደ አማርኛ «እርስዎ» የለውማ። የአማርኛውም ቅዳሴ ይህችን እንዳለች ነው የያዛት። እና ከመጽሐፉ ስታነቡ አትደንግጡ፣ «ከመንፈስዎ» ብላችሁም አታርሙት።

ቀጥሎ ንባቡ ይመጣል። አምስቱን ለመለየት ጥሩው ሰዓት ይሄ ነው። የጳውሎስን መልእክት ዋናው ዲያቆን ያነባል። ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት ንፍቅ ዲያቆኑ ያነባል። የሐዋርያት ሥራን ንፍቅ ካህኑ ያነባሉ። ከዚያ ዲያቆኑ ከዳዊት መዝሙር ሦስት መስመር በዜማ ይሰብካል፤ ምስባክ ይባላል። በመጨረሻ ወንጌሉን ዋናው ካህን ያነባሉ፤ መብራት ይያዝላቸዋል፣ ሁሉም ቆሞ ይሰማል። እያየን እየወጣን ነው፤ ከዲያቆን ወደ ቄስ፣ ከመልእክት ወደ ወንጌል። የማታውቁት ደብር ሄዳችሁ ዋናው ቀዳሽ ማን እንደሆኑ ግራ ከገባችሁ ወንጌሉን ያነበቡትን ተመልከቱ።

ሌላም መለያ አለ፤ ዕጣን። ጽናውን እያወዛወዙ ሕዝቡ መካከል የሚያልፉት ካህን ናቸው። ዲያቆን ዕጣን አይባርክም። በመስቀልም አይባርክም። ረጅሙን የመጾር መስቀል ተሸክሞ ስታዩት ተሸክሞ ነው እንጂ እየባረከ አይደለም። ስለዚህ ዲያቆን ፊት ቆማችሁ «ይፍቱኝ» አትበሉ። ልጁን ታስጨንቁታላችሁ፤ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ሲጠብቁ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ እኔም ጎንበስ አልኩ። ለረጅም ጊዜ ተጎንብሰን ቆየን።

ከዚያ ብዙ ሰው የማያስተውለው ቦታ ይመጣል። ቄሱ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከታጠቡም በኋላ ወደ ሕዝቡ ዞረው ያስጠነቅቃሉ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እጄን ከእድፍ እንዳነጻሁ ከደማችሁም ንጹሕ ነኝ፤ ሳትዘጋጁ ደፍራችሁ ብትቀርቡ እኔ የለሁበትም። ብዙ ሰው ይህን ሰዓት ነጠላ ለማስተካከል ይጠቀምበታል። እኔ ግን መቅደስ ውስጥ ሳለሁ በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነበር። ሌላ ጊዜ ገር የነበሩት ቄስ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

ከፍሬ ቅዳሴው፣ ማለትም ከቅዳሴው ዋና ክፍል፣ ጀምሮ የዲያቆኑ ትእዛዞች ይበዛሉ። በቤተ ክርስቲያናችን አሥራ አራት ፍሬ ቅዳሴዎች አሉ፤ እንደ በዓሉና እንደ ሳምንቱ አንዱ ይመረጣል። ትእዛዞቹ ግን ብዙም አይለወጡም። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። መቁረቢያው ሲቃረብ «አርኅዉ ኆኅተ መኳንንት» ይላል፤ የመኳንንትን ደጆች ክፈቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ «እለ ትቀውሙ አትሕቱ ርእሰክሙ»፤ የቆማችሁ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ሊሆን ይችላል። ጄኔራሉም፣ ዳኛውም፣ የልጁ አባትም እሺ ብለው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ታዲያ ዲያቆንን ማክበር ማለት በዋናነት ይሄ ነው፤ ተነሡ ሲል መነሣት። ወደ ጓደኛ ዞሮ «ምን አለ?» ማለት ከጀመርን ቅብብሉ ይሰበራል፣ እሱም ይሰማዋል።

በቁርባን ሰዓት ሥራው ግልጽ ሆኖ ይከፈላል። ሥጋውን ካህኑ ያቀብላሉ። ደሙን ዲያቆኑ ከጽዋው ዕርፈ መስቀል በሚባል ማንኪያ ያቀብላል። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ይመለሳል። ይህን ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ብላችሁ አፉን አታስከፍቱት፤ በኋላ ትደርሳላችሁ። መጨረሻ ላይ አንብሮተ እድ አለ፤ የእጅ መጫን ጸሎት። ከዚያም ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ይላል። በሰላም ግቡ። የጀመረውም እሱ፣ የሚያሰናብታችሁም እሱ ነው።

አሁን ወጣን። ግቢ ውስጥ ነን። ሰላምታው እዚህ ነው።

ቄስ ስታገኙ እጅ አትዘርጉ። ጎንበስ ብላችሁ «ይፍቱኝ አባቴ» በሉ። እሳቸው መስቀሉን ያወጣሉ፤ ግንባራችሁን ያስነካሉ፣ ትሳለማላችሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ወይም «ይፍታህ» ይላሉ። አለቀ። መስቀል ካላወጡ አትጠይቁ፤ ምናልባት አልያዙም፣ ምናልባት ቄስ አይደሉም። የጓደኛዬን ጣጣ ለማስቀረት የምሰጣችሁ ዘዴ ይሄው ነው፤ ራስ ላይ ያለውን ሳይሆን እጅ ላይ ያለውን ተመልከቱ።

ስም ስትጠሩ ባለ ትዳር ከሆኑ «ቄስ እገሌ» ወይም «ቀሲስ እገሌ» ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ «ቀሲስ» የግእዙ ነው፣ ከተማ ውስጥና በጽሑፍ ይመረጣል። መነኩሴ ከሆኑ «አባ እገሌ»። ስሙን ትቶ «ቄስ!» ብሎ መጥራት ግን ጥሩ አይደለም፤ «ሹፌር!» እንደማለት ነው። «ፋዘር» የምትሉ ልጆችም አላችሁ። እሳቸው ይስቁላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን አልወደውም። «አባቴ» ከአፍ እስኪወጣ ያን ያህል ይከብዳል?

አንዳንድ ካህናት የማዕረግ ስም አላቸው። መልአከ ሰላም፣ ሊቀ ጠበብት፣ መጋቤ ሐዲስ የሚሉትን ሰምታችኋል። ማዕረግ ያለውን በማዕረጉ መጥራት ነው ወጉ። ከጠፋባችሁ «አባቴ» ያወጣችኋል። የዜማውን መሪ «መሪጌታ»፣ የአብነት ትምህርት ቤቱን መምህር «የኔታ» በሉ። «የኔታ» የእኔ ጌታ ከሚለው የመጣ ነው። «ደብተራ» የሚለው ቃል በራሱ ክፉ አልነበረም፤ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ማለት ነበር። የከተማው ወሬ ከጥንቆላ ጋር አጣብቆት ተበላሸ። ስለዚህ ሰውን ፊት ለፊት «ደብተራ» አትበሉ።

ጳጳስ ከሆኑ «አባ» አይበቃም። «ብፁዕ አቡነ» ተብሎ ስማቸው ይከተላል። ፊት ለፊት ሲሆን «ብፁዕ አባታችን» ነው። ፓትርያርኩ «ብፁዕ ወቅዱስ» ናቸው፤ ፊት ለፊት «ቅዱስ አባታችን»። ሌላም የማትዘነጉት ነገር አለ፤ ግስ። ሰውዬው በሌሉበትም «ቄሱ መጡ»፣ «ቄሱ ቀደሱ» ይባላል። «ቄሱ መጣ» ካላችሁ «አባቴ» እያላችሁ የተሳለማችሁት ሁሉ ዋጋ የለውም፤ አፋችሁ አጋልጧችኋል።

እዚህ ላይ ንግግሬን ጨርሼ ነበር። ከተሰብሳቢው ጥያቄ ስለመጣ እሱንም ልጻፈው።

አንድ ወጣት «እኔ ኦርቶዶክስ አይደለሁም፤ የጓደኛዬ ሰርግ ላይ ቄስ ቢያጋጥሙኝስ?» አለኝ። መስቀል የመሳለም ግዴታ የለብህም። ጎንበስ ብለህ «ጤና ይስጥልኝ አባ» ማለት በቂ ነው። መስቀሉን ቢያቀርቡልህ ደግሞ ቀኝ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ራስህን ዝቅ ካደረግህ ይገባቸዋል። አይቀየሙም።

ሌላዋ «ኢማምስ?» አለች። ይሄ የእኔ መስክ አይደለም፤ ግን ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ስላደግሁ ትንሽ ልበል። ኢማም እንደ ቄስ በሹመት ክህነት የተቀበለ ሰው አይደለም። ሶላት ለማሰገድ ከፊት የሚቆም ነው፤ ከኋላው ያሉት ይከተሉታል፣ አይቀድሙትም። ስለዚህ «ይፍቱኝ» እዚያ ቦታ የለውም። «አሰላሙ ዐለይኩም» ነው ሰላምታው፤ አጠራሩም «ሼህ እገሌ» ወይም «ኡስታዝ እገሌ»። እጅ ለመጨበጥ ሴት ከሆንሽ እሳቸው እስኪዘረጉ ጠብቂ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ኢማሙ ሲሳሳት የሚደረገው ነው። ከኋላ ያለው ወንድ «ሱብሓነላህ» ይላል፤ ሴት ከሆነች ታጨበጭባለች። እርማቱ ራሱ ሥርዓት አለው። በዓርብ ኹጥባ ላይ ደግሞ ጎረቤትህን «ዝም በል» ማለት እንኳ ይነቀፋል። ኢማሙ ሲናገር ዝም ማለት ማለት ዝም ማለት ነው።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከኋላ መጣች። «ዲያቆኑንስ ምን እንበለው? ጎረቤታችን ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትናንት ኳሱ መስኮታችንን ሰብሮብናል።» አዳራሹ ሳቀ። ሰው ፊት፣ በተለይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ «ዲያቆን እገሌ» በሉት። ለመስኮቱ ደግሞ አባቱን አናግሩ። እኔን ድቁና የተቀበልኩ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ «ዲያቆን፣ ዲያቆን» ሲለኝ ዋለ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ በቤት ስሜ ጠርታ ውኃ ቅዳ አለችኝ።